የተማሪ ቲኬት፦ መታወቂያው ገና ያልደረሰው ተማሪ ተማሪነቱን በምን ያሳያል?

የእህቴ ልጅ ለማስተርስ ወደ አሜሪካ ስትሄድ ቦሌ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ቲኬቷ የተማሪ ነው። ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቷን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ «የተማሪ መታወቂያሽን» አለች። የእህቴ ልጅ ዞራ እኔን አየችኝ። ምን መታወቂያ? ትምህርቱ የሚጀመረው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲውን በፎቶ እንጂ በአካል አይታው አታውቅም።

የተማሪ ዋጋ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። ቅናሹ በጣም የሚያስፈልገው ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሻንጣ ይዞ ለሚሄደው ልጅ ነው። መታወቂያ የሌለውም እሱ ነው። ደግነቱ መፍትሔ አለው፤ ግን ቤት ሳለ መዘጋጀት ይፈልጋል። እኛ እንዴት እንደተወጣነው ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ቅድሚያ ከሥሩ እንጀምር።

መጀመሪያ፦ የተማሪ ነው የወጣት?

ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው። የወጣት ዋጋ የሚጠይቀው ዕድሜ ብቻ ነው። ማስረጃው ፓስፖርት ነው፣ አለቀ። ትማራለህ፣ አትማርም የሚል ጠያቂ የለም። የተማሪ ዋጋ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ዕድሜም፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንም። ለምሳሌ ኤምሬትስ በተማሪ ቅናሹ ከ16 እስከ 31 ዓመት ያሉትን ነው የሚቀበለው፤ ማስረጃ የሚለውም የተማሪ መታወቂያ ወይም የቅበላ ደብዳቤ ነው። «ወይም» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ስለዚህ ሁለቱም ዋጋ ካለና ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ የወጣቱን ውሰዱ። አንድ ወረቀት የሚፈልግ ነገር ሦስት ወረቀት ከሚፈልግ ይሻላል።

ዕድሜ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዕድሜው የሚቆጠረው ቲኬቱ በተቆረጠበት ቀን ነው ወይስ ጉዞው በሚጀመርበት ቀን? ይህን የሚወስነው የቲኬቱ ደንብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የጉዞው ቀን ነው። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ ልደቱ ሴፕቴምበር 30፣ 2000 ይላል። «እስከ 25 ዓመት» የሚል ዋጋ ነሐሴ 2018 ላይ ቢቆርጥ ገና 25 ነው። ጉዞው በፈረንጅ ኦክቶበር 4፣ 2026 ከሆነ ግን 26 ሞልቶታል። ድረ ገጹ ምንም ሳይል ሊሸጥለት ይችላል፤ ጥያቄው የሚመጣው ካውንተር ላይ ነው። ልደታችሁ ከጉዞው ጋር ከተቀራረበ ሁለቱን ቀኖች ወረቀት ላይ ጻፉና አስተያዩ።

ቅናሹ በእርግጥ ቅናሽ ነው?

«ለተማሪዎች 10 በመቶ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ከጠቅላላው ዋጋ አስር በመቶ ይቀነሳል ብላችሁ አታስሉ። የቲኬት ዋጋ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መሠረታዊው የጉዞ ዋጋ ነው። ሌላው አየር መንገዱ የሚጨምረው የነዳጅ ክፍያ፣ የኤርፖርት ክፍያና ግብር ነው። ቅናሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል ጠቅላላው 900 ዶላር ነው እንበል፤ ከዚህ ውስጥ መሠረታዊው 520፣ ቀሪው 380 ክፍያና ግብር ነው። አስር በመቶው የሚነሳው ከ520ው ነው፤ 52 ዶላር ብቻ። ቲኬቱ 848 ይሆናል። በዚያው ቀን፣ በዚያው አውሮፕላን ማንም ሰው የሚገዛው የማስተዋወቂያ ዋጋ 790 ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህ ብርቅ አይደለም።

ታዲያ የተማሪው ለምን ይገዛል? ለሻንጣውና ለቀን ለውጡ። የተማሪ ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ 10 ኪሎ ወይም አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይኖራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀንን አንድ ጊዜ በነፃ መለወጥ ይፈቅዳል። ርካሹ የማስተዋወቂያ ዋጋ ሁለቱንም ላይሰጥ ይችላል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ጋቢ፣ የእናት የማያልቅ ቋጠሮ ያለበት ልጅ ተጨማሪ ሻንጣውን ኤርፖርት ላይ ልክፈል ቢል ከ58 ዶላሩ ልዩነት በላይ ሊያወጣ ይችላል። አንድ የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዞ ለዕረፍት የሚመጣ ተማሪ ግን 790ውን ይግዛ፤ ማስረጃም አይጠየቅም። ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ሳታዩ አትቁረጡ።

ማስረጃውን ከቲኬቱ በፊት አዘጋጁ

መታወቂያ ለሌለው አዲስ ተማሪ ማስረጃው እንደሚሄድበት አገር ይለያያል። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ I-20 የሚባለው ቅጽና ፓስፖርቱ ላይ ያለው የF-1 ቪዛ ነው። ወደ ቻይና ለሚሄድ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤና JW201 ወይም JW202 የሚባለው ቅጽ ነው። ሌላ አገር ከሆነ የቅበላ ደብዳቤው ከተማሪ ቪዛው ጋር። ደብዳቤው ሁኔታ የተንጠለጠለበት፣ ማለትም «ይህን ካሟላህ እንቀበልሃለን» የሚል እንዳይሆን። የመጨረሻው መሆን አለበት። ሙሉ ጊዜ የሚለውና ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀንም ይታይ።

አሜሪካ ለሚሄድ የመጀመሪያው ቀን ሌላም ጣጣ አለው። F-1 ቪዛ የያዘ አዲስ ተማሪ I-20ው ላይ ከተጻፈው የትምህርት መጀመሪያ 30 ቀን በፊት ድረስ ብቻ ነው መግባት የሚችለው። ኦገስት 24 ከሚል ወደ ኋላ 30 ቀን ስንቆጥር ጁላይ 25 ነው፤ ሐምሌ 18 ማለት ነው። «ርካሽ ስለሆነ ጁላይ 15 ቆረጥኩ» ያለ ልጅ ቲኬቱን ሊለውጥ ነው።

አሁን አገር ውስጥ ወደሚማሩት። መታወቂያ አላችሁ፣ ግን መታወቂያችሁ ችግር አለበት። ምን? ዓመተ ምሕረቱ። «እስከ ሰኔ 2018 ያገለግላል» የሚል መታወቂያ ለእኛ ጤነኛ ነው። ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ላይ ያለ ሠራተኛ ግን 2018ን በራሱ ቆጣጠር ነው የሚያነበው፤ ለእሱ ካርዱ ካለፈበት ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ዘመን አቆጣጠር ልዩነት ወረፋ ላይ ቆሞ ማስረዳት ደግሞ አይመከርም። ከኋላችሁ አርባ ሰው አለ።

ስለዚህ ሬጅስትራር ሂዱና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ አውጡ። ጸሐፊዋ በተለመደው ፎርማት ልታወጣላችሁ ስትል እነዚህን ጠይቁ፦

- ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል
- የመታወቂያ ቁጥር፣ ትምህርት ክፍልና ስንተኛ ዓመት እንደሆናችሁ
- መደበኛ፣ ማለትም የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆናችሁ
- የትምህርት ዘመኑና የምትመረቁበት ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር
- የተጻፈበት ቀን፣ ፊርማ፣ ማኅተምና የጽሕፈት ቤቱ ስልክ

«መደበኛ» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። የማታና የርቀት ተማሪ በብዙዎቹ አየር መንገዶች ደንብ እንደ ተማሪ አይቆጠርም። ቅር ያሰኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። እንዲህ ከሆነ የወጣቱን ዋጋ ፈልጉ።

አይሲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪ መታወቂያም አለ። ከ12 ዓመት ጀምሮ ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ይሰጣል፤ ፎቶና ተማሪነትን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ስልክ ላይም ይቀመጣል። ጥቅሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ጊዜው በፈረንጅ የተቆጠረና ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ተማሪ ላልሆኑ ከ31 ዓመት በታች ላሉ ደግሞ አይዋይቲሲ የሚባል የወጣት ካርድ አለ። ለአንድ በረራ ብቻ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የቲኬቱ ደንብ በስም የሚጠይቀው መሆኑን እዩ። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ይበቃል።

ስም

ይህን ለብቻው ያደረግኩት ስለሚገባው ነው። የእኛ ስም ለውጭ ሲስተም አይመችም። ፓስፖርቱ ስምና የአባት ስምን አንድ ላይ አድርጎ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሊጽፍ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያው ስምና የአባት ስም ብቻ ይዟል። የቅበላ ደብዳቤው ደግሞ ማመልከቻውን ስትሞሉ በጻፋችሁት መንገድ ነው የመጣው፤ ያን ጊዜ ፓስፖርት አልነበራችሁም ይሆናል። ፊደሉም አለ፤ አንዱ ላይ Hiwot፣ ሌላው ላይ Hiywot።

ደንቡ አጭር ነው፦ ቲኬቱ ላይ የሚገባው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው። ሌላው ወረቀት ወደ ፓስፖርቱ ይምጣ እንጂ ፓስፖርቱ ወደ ሌላው አይሄድም። የተለየ ወረቀት ካላችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጽፋችሁ አስተካክሉ። አንድ ፊደል ብትሆን አብዛኛው ሠራተኛ ያልፋታል። የአያት ስም ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ግን ሌላ ሰው መሰላችሁ ማለት ነው።

መቁረጥ

ድረ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት በር አለ። አንደኛው የተሳፋሪ ዓይነት ምርጫ ነው። አዋቂ፣ ልጅ፣ ሕፃን ከሚሉት ጋር ተማሪ ወይም ወጣት የሚል ካለ ፍለጋውን ከመጀመራችሁ በፊት እሱን ምረጡ። ሲስተሙ ሳትነኩት የሚያስበው አዋቂ ነው፤ አንዴ በአዋቂ ከተከፈለ በኋላ «ተማሪ ነበርኩ» ማለት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ኮድ ነው። ኤምሬትስ በፕሮሞ ኮድ ሳጥኑ ውስጥ `STUDENT` የሚል ኮድ ሲቀበል ቆይቷል። ኳታር ደግሞ የተማሪ ክለብ አለው፤ መጀመሪያ የፕሪቪሌጅ ክለብ አባል ትሆናላችሁ፣ ተማሪነታችሁን ታረጋግጣላችሁ፣ ከዚያ ኮድ ይሰጣችኋል። እንዲህ ያለው ክለብ ጥሩ ጎኑ ማጣራቱ ከክፍያ በፊት ማለቁ ነው። መጥፎ ጎኑ ማጣራቱ ቀን ሊወስድ መቻሉ ነው፤ ዋጋው ዛሬ ርካሽ ሆኖ ማረጋገጫው ነገ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቪዛ እየጠበቃችሁ ሳለ ተመዝገቡ። ኮድ ስታስገቡ ዋጋው ካልተንቀሳቀሰ ኮዱ አልሠራም፤ ጊዜው አልፎ ወይም የመረጣችሁት ቀንና መስመር አይመለከተው ይሆናል። ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

ትኬት ቢሮ የምትሄዱ ከሆነ ቁጭ ከማለታችሁ «የተማሪ ዋጋ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛው ካልተነገረው በአዋቂ ነው የሚፈልገው። ሲስተሙ ውስጥ የተሳፋሪው ዓይነት በሦስት ፊደል ነው የሚገባው፤ አዋቂ `ADT`፣ ተማሪ `STU`፣ ወጣት `YTH`። ዋጋው ሲነገራችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ካውንተር ላይ ምን ማስረጃ ይጠየቃል፣ ስንት ሻንጣ አለው፣ ቀን ብለውጥ ምን ያህል እከፍላለሁ? መልሱን በቃል አትቀበሉ። የቲኬቱን ደንብ ያትሙላችሁ ወይም በቴሌግራም ይላኩላችሁ። እዚያ ወረቀት ላይ «የተማሪ መታወቂያ ወይም የቅበላ ደብዳቤ» የሚል መስመር ካለ በኋላ ከማንም ጋር አትከራከሩም።

ደርሶ መልስ ወይስ አንድ ጉዞ? ቲኬት ከመነሻው ቀን ጀምሮ ቢበዛ አንድ ዓመት ነው የሚያገለግለው። አየር መንገዶችም በረራ ለሽያጭ የሚከፍቱት ወደ አስራ አንድ ወር ገደማ ቀድመው ነው። ስለዚህ ዛሬ ቆርጣችሁ የመመለሻውን ቀን የዛሬ ዓመት ልታደርጉ አትችሉም። በመጀመሪያው ክረምት ለመመለስ የሚያስብ ልጅ ቀረብ ያለ ቀን ይይዝና በኋላ ይለውጠዋል፤ ነፃ የቀን ለውጡ ዋጋ የሚያወጣው ያኔ ነው። ሁለት ዓመት ሳይመለስ የሚቆይ ግን አንድ ጉዞ ይቁረጥ።

ቲኬቱ ሲመጣ

ኢሜይሉን ክፈቱና አንብቡ። የዋጋው ኮድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለተማሪ `SD`፣ ለወጣት `ZZ` የሚሉ ፊደሎች ይኖራሉ። ማስታወሻ መስመሩ ላይም ማስረጃ እንደሚጠየቅ በአጭሩ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ትልቁ ነገር የሻንጣው ቁጥር ነው። ተጨማሪ ሻንጣ ተብሎ የተገዛ ቲኬት ላይ እንደማንኛውም ሰው ቁጥር ከታየ ወዲያው ደውሉ። ኤርፖርት ላይ ሠራተኛው የሚያምነው ስክሪኑን እንጂ ማስታወቂያውን አይደለም።

ካውንተሩ ላይ

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። «መታወቂያ የለኝም፣ ገና ልጀምር ነው» አለች። ሠራተኛዋ «እንግዲያው ልዩነቱን መክፈል ሊኖርብሽ ነው» አለቻት፤ በክፋት አይደለም፣ ደንቡ ስለሆነ። ማስረጃ ካልቀረበ በዚያ ቀን ካለው የአዋቂ ዋጋ ጋር ያለውን ልዩነት ማስከፈል ይችላሉ። የመጨረሻ ቀን ዋጋ ደግሞ እሳት ነው። ተጨማሪው ሻንጣም ይቀራል።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ I-20ውን መፈለግ ጀመረች። ኢሜይል ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔቱ ይሽከረከራል። «ጋሼ፣ ኔትወርክህን ክፈትልኝ» አለችኝ። የእኔም ይሽከረከራል። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ ራሴ ያሳተምኩት ፋይል ነው። የት ነው? በሚጫነው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር። ሻንጣው ደግሞ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን በቁልፍ ቀደድነው። ሠራተኛዋ I-20ውን ከቪዛው ጋር አስተያይታ፣ ስሙን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ የታተመውን የቲኬት ደንብ አየች፣ አሳለፈቻት። ለመጠቅለያው ሁለተኛ ጊዜ ከፈልን።

ስለዚህ ወረቀቱ ታትሞ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ፓስፖርት፣ የቅበላ ደብዳቤ ወይም I-20፣ የሬጅስትራር ደብዳቤ፣ የቲኬቱ ደንብ፤ አራቱም በአንድ ፕላስቲክ ፋይል። ስልክ ላይም ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ፒዲኤፍ ይኑር። ፋይሉ መሃል ላይ አውሮፕላን ስትቀይሩም፣ ስትደርሱም ይጠየቃልና አትክተቱት። ኦንላይን ቼክ ኢን እምቢ ካላችሁም አትደንግጡ፤ የተማሪ ቲኬት አንዳንዴ ሰነዱ በዓይን ካልታየ ቦርዲንግ ፓስ አይሰጥም። እንዲያ ሲሆን ከሌላው ተሳፋሪ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ማስረጃችሁ ተሟልቶ «አይሆንም» ከተባላችሁ የፈረቃ ኃላፊውን በትህትና ጥሩልኝ በሉና ደንቡ ላይ ያለችውን መስመር አሳዩ። መክፈል ግድ ከሆነ ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። ምክንያቱንም ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ ጠይቁ። በኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ ስትጽፉ ደረሰኙን፣ ደንቡንና ማስረጃውን አያይዙ። ያለ ደረሰኝ የሚቀርብ አቤቱታ ወሬ ነው።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጣች። አሁን መታወቂያ አላት፤ ፎቶዋ ያለበት፣ አረንጓዴ ገመድ ያለው። ስትመለስ ቦሌ ላይ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆመች። ካውንተሩ ላይ ያለው ልጅ ፓስፖርቷን አየ፣ ሻንጣዎቹን መዘነ፣ ቦርዲንግ ፓሱን ሰጣት። መታወቂያውን የጠየቃት የለም።